ከደመወዙ በላይ ያለው 11 በመቶ
የወርኃዊ ደመወዝ ምዝገባ፣ የሥራ ግብር እና የጡረታ መዋጮ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የሂሳብ ምዝገባ ነው። ሠራተኛ የቀጠረ ድርጅት ሁሉ በየወሩ መጨረሻ ይሠራዋል፤ ተማሪዎቻችንም በመጀመሪያው ዓመት ይማሩታል። ይህን ያህል የተለመደ ከሆነ ስለ ምን የአንድ ምሽት ንግግር አስፈለገው የሚል ይኖር ይሆናል። ባለፉት ዓመታት በተለያየ አጋጣሚ የመረመርኳቸው የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች መዛግብት አንድ ነገር አሳይተውኛል። ምዝገባው ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በትክክል ይጻፋሉ፣ ሦስተኛው ግን በተደጋጋሚ ይዘለላል። በትክክል የሚጻፉት ከሠራተኛው የሚቀነሰው የሥራ ግብርና የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ናቸው። የሚዘለለው አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚጨምረው መዋጮ ነው።

የሚዘለልበት ምክንያት አያስደንቅም። ሠራተኛው በወር መጨረሻ የሚፈርምበትን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ በተለምዶ ፔሮል የምንለውን፣ አስቡት። መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ ጠቅላላ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ፣ ፊርማ። አሠሪው የሚከፍለው በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የግድ ቦታ የለውም፤ ለሠራተኛው የሚደርሰውን ገንዘብ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ሂሳብ ሹሙ ከፔሮሉ ድምር ላይ ምዝገባውን ሲገለብጥ፣ በፔሮሉ ላይ ያላየውን ነገር አይጽፍም።

ወደ አኃዝ እንግባ። ለምሳሌ ያህል ሦስት ሠራተኞች ያሉት አንድ የግል ድርጅት እንውሰድ፤ ወሩ ታኅሣሥ 2018 ይሁን። ሥራ አስኪያጁ 18,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝና 2,000 ብር ግብር የሚከፈልበት የኃላፊነት አበል አለው። የሂሳብ ሠራተኛዋ 9,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ አላት። ጥበቃው 3,500 ብር መሠረታዊ ደመወዝ አለው፤ በዚህ ወር ደግሞ 700 ብር የትርፍ ሰዓት ክፍያ አግኝቷል። የመሠረታዊ ደመወዙ ድምር 30,500 ብር ነው። አበሉና ትርፍ ሰዓቱ ሲጨመሩ ጠቅላላው 33,200 ብር ይሆናል።

እነዚህን ሁለት ድምሮች ለይታችሁ ያዙልኝ፤ ግብሩና ጡረታው የሚሰሉት በተለያየ መሠረት ላይ ነውና። ግብሩ የሚሰላው በ33,200ው፣ ማለትም እያንዳንዱ ሠራተኛ ከመቀጠር ባገኘው ግብር በሚከፈልበት ገቢ ሁሉ ላይ ነው። ጡረታው የሚሰላው ግን በ30,500ው ላይ ነው። የጡረታ ሕጉ ደመወዝ የሚለው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለተሠራ ሥራ የሚከፈለውን፣ ግብርም ሆነ ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳለት ያለውን ሙሉ ወርኃዊ ክፍያ ነው። ስለዚህ የጥበቃው የትርፍ ሰዓት 700 ብር ግብር ይከፈልበታል፣ ጡረታ ግን አይቆረጥበትም።

የሥራ ግብሩ ምጣኔ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሥር ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። አሁን እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ገቢ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 35 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ምጣኔ የሚነካው በራሱ እርከን ውስጥ የገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። ሂሳብ ሹሞቻችን ይህን እርከን በእርከን አይደምሩትም፤ ጠቅላላውን ገቢ በመጨረሻው ምጣኔ አባዝተው አንድ የታወቀ ቁጥር ይቀንሳሉ። እንደ እርከኑ ቅደም ተከተል የሚቀነሱት 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው።

የሥራ አስኪያጁ ጠቅላላ ገቢ 20,000 ብር ነው፤ 35 በመቶው 7,000 ሆኖ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 4,950 ብር ይሆናል። የሂሳብ ሠራተኛዋ 9,000 በ25 በመቶ 2,250፣ ሲቀነስ 850፣ ግብሯ 1,400 ብር። የጥበቃው 4,200 በ20 በመቶ 840፣ ሲቀነስ 500፣ ግብሩ 340 ብር። ድምሩ 6,690 ብር ነው።

በነገራችን ላይ በብዙ ቢሮዎች የኤክሴል ቀመር አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለዓመታት ይገለበጣል። በአሮጌው ምጣኔ የዚህ ጥበቃ ግብር 537 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። ቀመሩ ካልታደሰ ከአንድ ጥበቃ በየወሩ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለ አግባብ ይቆረጣል፤ ሂሳቡ ግን ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ሆኖ ሳይንገዳገድ ይዘጋል። የመዝገብ ሚዛን መግጠሙ ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

ጡረታው ይቀላል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በሌሎች አገሮች መማሪያ መጻሕፍት አሠሪው ሠራተኛው ያዋጣውን ያህል እንደሚያዋጣ የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ፤ ተማሪዎቻችን ያንኑ ምሳሌ ይዘው 7 በ7 ሲጽፉ አይቻለሁ። በእኛ አገር የአሠሪው ድርሻ ከሠራተኛው ይበልጣል። ከሦስቱ ሠራተኞች የሚቀነሰው 1,260፣ 630 እና 245፣ በድምሩ 2,135 ብር ነው። አሠሪው የሚጨምረው 1,980፣ 990 እና 385፣ በድምሩ 3,355 ብር ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ ግብሩ ከሚሰላበት ገቢ ላይ አስቀድሞ እንደማይነሳም ልብ በሉ። ግብሩም ጡረታውም የሚቆረጡት ከሙሉው ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይቀንሰውም።

አሁን ምዝገባውን እንጻፍ። በሁለት ክፍል እንድትጽፉት እመክራለሁ፤ ሁለቱ ክፍሎች የሁለት የተለያዩ ሰዎችን ገንዘብ ይመለከታሉና። የመጀመሪያው የሠራተኛውን ደመወዝ ይከፋፍላል።

ታኅሣሥ 30፣ 2018
ዴቢት፦ የደመወዝ ወጪ — 33,200
ክሬዲት፦ ተከፋይ የሥራ ግብር — 6,690
ክሬዲት፦ ተከፋይ የጡረታ መዋጮ — 2,135
ክሬዲት፦ ባንክ (የተጣራ ደመወዝ) — 24,375

ሁለተኛው የአሠሪው ብቻ ነው።

ዴቢት፦ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ ወጪ — 3,355
ክሬዲት፦ ተከፋይ የጡረታ መዋጮ — 3,355

በመጀመሪያው ክፍል ወጪው 33,200 ነው፤ ከባንክ የወጣው 24,375 አይደለም። አንዳንድ የንግድ ሰዎች “እኔ የከፈልኩት ሃያ አራት ሺህ ነው፣ ስለ ምን ሠላሳ ሦስት ሺህ ወጪ ትጽፍብኛለህ?” ይላሉ። መልሱ ሠራተኛው የሠራበት ዋጋ 33,200 ብር መሆኑ ነው። ከዚያ ውስጥ 8,825 ብሩን አሠሪው ለሠራተኛው አልሰጠውም፤ በሠራተኛው ስም ለመንግሥትና ለጡረታ ፈንድ ሊያደርስለት ያዘው እንጂ። ያ ገንዘብ በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ቢታይም የድርጅቱ አይደለም። ለዚህ ነው “ተከፋይ” በሚል ስም በዕዳ የሚቀመጠው።

ሁለተኛው ክፍል ተፈጥሮው ሌላ ነው። 3,355 ብሩ ከማንም አልተቀነሰም። ሠራተኛው በኮንትራቱ የተስማማበት ደመወዝ ሳይነካ፣ ከእሱ በላይ አሠሪው የሚጨምረው ነው። ስለዚህ አዲስ ወጪ ይፈጥራል፣ አዲስ ዕዳም ይፈጥራል። የታኅሣሥ ወር ሦስቱ ሠራተኞች ለድርጅቱ ያስከተሉት ሙሉ ዋጋ 33,200 ሲደመር 3,355፣ ማለትም 36,555 ብር ነው። ይህ ቁጥር በፔሮሉ ላይ የትም አይገኝም፤ ለሥራ ዋጋ ሲተምንም ሆነ ሠራተኛ ልቅጠር ወይ ብሎ ሲያስብ ባለቤቱ መያዝ ያለበት ግን እሱን ነው።

በጥር ወር ክፍያው ይፈጸማል። የተቀነሰው የሥራ ግብር ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ መግባት አለበት፤ ጡረታውም በዚያው ወር ይከፈላል።

ዴቢት፦ ተከፋይ የሥራ ግብር — 6,690
ዴቢት፦ ተከፋይ የጡረታ መዋጮ — 5,490
ክሬዲት፦ ባንክ — 12,180

5,490ው 2,135 እና 3,355 ተደምረው ነው፤ የ30,500 18 በመቶ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱም የታኅሣሥ ዕዳዎች ዜሮ ይሆናሉ። ሁለቱን የባንክ ወጪዎች ብትደምሩ 24,375 እና 12,180፣ ያው 36,555 ይመጣል።

ይህ ሁሉ ትክክል ሲሆን ነው። ሲሳሳት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፤ ስህተቱ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ራሱን ያጋልጣል፣ ሌላው ይደበቃል።

ራሱን የሚያጋልጠው እንዲህ ነው። ሂሳብ ሹሙ በታኅሣሥ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ጻፈ፤ ሁለተኛውን ዘለለ። በጥር ግን የጡረታ መክፈያ ቅጹ 18 በመቶ ስለሚጠይቀው 5,490 ብር ከፈለ፣ ሙሉውንም ተከፋይ የጡረታ መዋጮ ላይ ዴቢት አደረገው። በዚያ ሂሳብ ላይ የነበረው ክሬዲት 2,135 ብቻ ነው። አሁን የ3,355 ብር ዴቢት ቀሪ ይታያል። ዕዳ የሆነ ሂሳብ ዴቢት ቀሪ አሳየ ማለት ድርጅቱ ከጡረታ ፈንዱ ገንዘብ ይፈልጋል እንደ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በፒችትሪም ሆነ በእጅ በተያዘ ሌጀር የሙከራ ሚዛኑን አውጡና ይህን አንድ መስመር ተመልከቱ፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ደመወዙ ሳይለወጥ ዓመቱ ካለፈ ይህ ሐሰተኛ ሀብት 40,260 ብር ይደርሳል። በዚያው መጠን ወጪው ጎድሏል፣ ትርፉም ከእውነቱ በላይ ሆኗል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆንና ትርፍ ላይ ያለ ቢሆን፣ በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 12,078 ብር ሳይገባው ይከፍላል። አሠሪው መዋጮውን በትክክል ከፍሏል፤ ሠራተኛውም አልተጎዳም። የተጎዳው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ የከፈለውን ወጪ ወጪ ሳይለው ቀርቷልና። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ ወጪን ዴቢት፣ ተከፋይ የጡረታ መዋጮን ክሬዲት። ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ከተደረሰበት ማለቴ ነው። ሰኔ 30 ካለፈና የግብር ማስታወቂያው ከገባ ጉዳዩ ከአንድ ምዝገባ በላይ ይሆናል።

ሁለተኛው መልክ የከፋ ነው። ሂሳብ ሹሙ ሁለተኛውን ክፍል አልጻፈም፤ ድርጅቱም አልከፈለም። ወይም የከፈለው ለሦስቱ ሳይሆን ለሁለቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ተከፋይ የጡረታ መዋጮ የተባለው ሂሳብ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ያልተጻፈ ዕዳ ቀሪ የለውምና። ሌጀሩን ብቻ የሚያይ ኦዲተር ምንም አያገኝም። የሚገኘው ፔሮሉን ከሌጀሩ ጋር በማነጻጸር ነው፦ የመሠረታዊ ደመወዝ ዓምዱን ድምር በ18 በመቶ አባዙና በወሩ ውስጥ በተከፋይ ጡረታ ላይ ከተመዘገበው ክሬዲት ጋር አስተያዩ። በምሳሌያችን 5,490 መሆን ሲገባው 2,135 ካገኛችሁ የጎደለው የአሠሪው ድርሻ ነው።

ሌላም አቋራጭ አለ፤ የአሠሪው መዋጮ ለሠራተኛው ሲካፈል 11 ለ7፣ ወደ 1.57 ገደማ መምጣት አለበት። ይህኛውን ብቻውን አትመኑት። ሂሳብ ሹሙ ጡረታውን በስህተት በ33,200 ላይ ቢያሰላ 2,324 እና 3,652 ያገኛል፤ ንጽጽሩ አሁንም ልክ 11 ለ7 ነው፣ ሁለቱም ቁጥሮች ግን ስህተት ናቸው። መሠረቱ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው የመሠረታዊ ደመወዙ ዓምድ ብቻ ነው።

የዚህ ስህተት ዋጋ ለማን እንደሚደርስ ግልጽ ላድርግ። የጡረታ አበል የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ነው። በየወሩ ስሙ ተጠቅሶ መዋጮ ያልገባለት ጥበቃ፣ 60 ዓመት ሞልቶት ማስረጃውን ይዞ ሲቀርብ፣ አገልግሎቱን በፔሮል ግልባጭና በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል። አሠሪው ያኔ ምናልባት ድርጅቱን ዘግቷል። የአሠሪውን 11 በመቶ ሠራተኛው በእጁ አይቶት ስለማያውቅ፣ መቅረቱንም የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የተጣራው ደመወዙ መዋጮው ቢገባም ባይገባም ያው 3,615 ብር ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሂሳብ ሹሙ ሁለት መስመር ምዝገባ ከሠራተኛው ፊርማ ይልቅ ለሠራተኛው ይቆምለታል።

የጥሬ ገንዘቡ ጉዳይም አለ። ታኅሣሥ 30 ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ በምሳሌያችን ድርጅት ባንክ ውስጥ 12,180 ብር ይቀራል፤ ለ30 ቀናት ያህል ማንም አይጠይቀውም። በጥር የጥምቀት ገበያ ደርቶ ባለቤቱ ዕቃ ማምጣት ቢያምረው ገንዘቡ እጁ ላይ ነው። ምዝገባው የተሟላ ከሆነ ግን ተከፋይ ሂሳቦቹ 6,690 እና 5,490 ብለው ይጠብቁታል። እኔ የማውቃቸው ጥንቁቅ ሂሳብ ሹሞች ደመወዝ በሚከፈልበት ዕለት ይህንኑ ገንዘብ ወደ ተለየ የባንክ ሂሳብ ያዛውሩታል፤ ሕጉ ባያስገድዳቸውም ጥሩ ልማድ ነው።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን በጽሑፉ ውስጥ ማካተት ወደድሁ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀዋልና። ጥያቄው “ሠራተኛውን በተጣራ 10,000 ብር ከቀጠርኩት፣ በእጁ የሚደርሰውን ማለት ነው፣ ምን ልመዝግብ?” የሚል ነበር።

በአገራችን የግል ቅጥር ብዙ ጊዜ “በእጅህ ይህን ያህል” በሚል ቃል ይጠናቀቃል። ስህተቱ የሚመጣው ሂሳብ ሹሙ 10,000ውን መሠረታዊ ደመወዝ አድርጎ ሲጽፍ ነው፤ ያኔ ግብሩም ጡረታውም ያንሳሉ። ትክክለኛው መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ክፍያው ሁሉ መሠረታዊ ደመወዝ ከሆነ፣ በ30 በመቶው እርከን ውስጥ ከጠቅላላው ላይ 30 በመቶ ግብር እና 7 በመቶ ጡረታ ይወጣሉ፣ 1,350 ብር ይመለሳል። ስለዚህ የተጣራው የጠቅላላው 63 በመቶ ሲደመር 1,350 ነው። ከ10,000 ላይ 1,350 ቀንሳችሁ ቀሪውን 8,650 ለ0.63 ስታካፍሉ ጠቅላላው 13,730 ብር ከ16 ሳንቲም ይመጣል። ከ10,000 በላይ እና ከ14,000 በታች ስለሆነ የመረጥነው እርከን ትክክል ነው፤ ከዚያ ውጪ ቢወጣ ኖሮ በሌላ እርከን መሞከር ይኖርብን ነበር።

ያረጋግጡት፦ ግብሩ 2,769.05፣ የሠራተኛው ጡረታ 961.11፣ የተጣራው 10,000። የአሠሪው 11 በመቶ ደግሞ 1,510.32 ብር ነው። ጠያቂው ሰው “አሥር ሺህ” ብሎ የተስማማበት ሠራተኛ በወር 15,240 ብር ከ48 ሳንቲም ያስወጣዋል። የደመወዝ ወጪ ብሎ የሚመዘግበው 13,730.16 ነው፤ 1,510.32ው በሁለተኛው ክፍል ለብቻው ይጻፋል።